ከቃለ ጉባኤ ወደ ውሳኔ



በሥራ ቦታ ስብሰባ የሚያዝ ቃለ ጉባኤ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው «ይደረግ»፣ «ይጣራ»፣ «ይታሰብበት» በሚሉ ግሦች ነው። ግሦቹ በሰዋስው ረገድ እንከን የለባቸውም፤ ነገር ግን አድራጊውን ይሰውራሉ። ስድስት ሰዎች ፈርመው ሲለያዩ፣ ስድስቱም ሥራው የሌላው ነው ብለው ሊሄዱ ይችላሉ። እንግዲህ ቃለ ጉባኤን ማጥራት ማለት ከሁሉ በፊት የተሰወረውን አድራጊ ማውጣት ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ወደ መተማ ከሚሄደው ጋር በሚለያይበት በአዘዞ የመንገድ ሥራ ይካሄዳል፤ አንድ የውሃ ቱቦም መንገዱን አቋርጦ መቀበር አለበት ተብሎ ይታሰብ። ሚያዝያ 20 ቀን የተደረገው ስብሰባ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦

«የቱቦው ጉዳይ በሰፊው ተነሣ። አንድ ሜትር ጥልቀት ይበቃል ተባለ። ከባድ መኪና ስለሚበዛ አይበቃም፣ የብረት መከላከያም ያሻል የሚል አስተያየት ቀረበ። የነባሩን መስመር ቦታ የውሃ አገልግሎቱ ያሳያል። ተጨማሪ ወጪው ይጣራ። ክረምት ሳይገባ ይጠናቀቅ።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምንም ስላልወሰነ ይሰረዛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁለት አስተያየቶች ናቸው። ጸሐፊው ትልቁን ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉን ለማሳጠር ሲል ሚዛን የደፋ የመሰለውን አስተያየት ውሳኔ አድርጎ ይጽፋል። ስብሰባው ያልወሰነውን ግን ጸሐፊ ሊወስንለት አይችልም። ትክክለኛው አጻጻፍ «ጥልቀቱ አልተወሰነም» ካለ በኋላ የሚወስነውን ሰውና ቀኑን ማስቀመጥ ነው።

አራተኛው ዐረፍተ ነገር ባለቤት ያለው ይመስላል። ነገር ግን የውሃ አገልግሎቱ ተወካይ በስብሰባው አልነበረም፤ ያልተገኘ ሰው ደግሞ ባልሰማው ቃል አይያዝም። ስለዚህ በስብሰባው ከነበሩት መካከል ደብዳቤውን የሚያደርሰውና መልሱን የሚከታተለው አንድ ሰው ይሰየማል።

«ክረምት ሳይገባ» የሚለውም ቀን አይደለም። በሰኔ ዝናቡ ሲበረታ ውሃ በያዘ ጉድጓድ ውስጥ አፈርን በደንብ መጠቅጠቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ሥራው ግንቦት 25 ማለቅ አለበት። ቁፋሮው፣ ቱቦ መዘርጋቱና መልሶ መሙላቱ 12 ቀን ከፈጀ ሥራው ግንቦት 14 ይጀመራል። ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ለሌላው ሁሉ ቀን ይወጣለታል። በመጨረሻም ማስታወሻው አምስት መስመር ይሆናል፦

1. ለውሃ አገልግሎቱ ደብዳቤ ያደርሳል፦ የተቋራጩ የሳይት መሐንዲስ፤ ሚያዝያ 22።
2. የነባሩ መስመር ቦታ በምድር ላይ ምልክት መደረጉን ያረጋግጣል፦ ይኸው መሐንዲስ፤ ሚያዝያ 28።
3. ጥልቀቱንና የመከላከያውን ዓይነት በጽሑፍ ይወስናል፦ አማካሪው መሐንዲስ፤ ግንቦት 5።
4. የተጨማሪውን ወጪ ስሌት ያቀርባል፦ የተቋራጩ የመጠን ተማኝ፤ ግንቦት 8።
5. ሥራውን ግንቦት 14 ጀምሮ ግንቦት 25 ይጨርሳል፦ የተቋራጩ የሳይት መሐንዲስ።

በእውነተኛው ሰነድ ከማዕረጉ ይልቅ የሰውየው ሙሉ ስም ይጻፋል፤ በየመስመሩም ከአንድ ስም በላይ አይገባም። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ። «5/9» የተባለው ቀን ለአንዱ ግንቦት 5 ሲሆን፣ ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣው ሴፕቴምበር 5 ሊሆን ይችላል።

ቃለ ጉባኤው ግን የሥራ ትእዛዝን አይተካም። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቀይ መጽሐፍ፣ በአንቀጽ 3.3፣ መሐንዲሱ በቃል ያዘዘውን ተቋራጩ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጠና መሐንዲሱም ማረጋገጫው በደረሰው በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ ማረጋገጫው እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ እንዲቆጠር ይደነግጋል። በዚህ ውል የሚሠራ ሰው በስብሰባ የተነገረውን ትእዛዝ ቃለ ጉባኤው እስኪፈረም ድረስ ቢያቆየው ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ ትእዛዙ ለብቻው በደብዳቤ ይረጋገጥ፤ በቃለ ጉባኤውም የደብዳቤው ቁጥር ይመዝገብ።

የተጣራው ማስታወሻ በማግስቱ ለተሰብሳቢዎች ይደርሳል፤ ተቃውሞ ያለውም የሚያቀርብበት ቀን በዚያው ላይ ይገለጻል። በሚቀጥለው ስብሰባ ውይይቱ የሚከፈተው በእነዚሁ መስመሮች ነው። ያለፈ ቀን አይፋቅም፤ አዲሱ ቀን ከአሮጌው ጎን ይጻፋል። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ቀናት ከተደረደሩ ጉድለቱ ከፈጻሚው ትጋት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ሥራው የተሰጠው ሥልጣኑ ወይም ገንዘቡ ለሌለው ሰው ይሆናል። ሰብሳቢውም አራተኛ ቀን ከመጨመሩ በፊት የባለቤቱ ስም በትክክል መጻፉን መርምሮ ማረም ይገባዋል።