ድርቅ በየ10 ዓመቱ ይመጣል?

«ድርቅ በየ10 ዓመቱ ይመላለሳል» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል። መነሻው ግልጽ ነው። የወሎው ረሀብ አገር ያወቀው በ1966 ዓ.ም. ነበር፤ ሌላው ከባድ ረሀብ በ1977 ዓ.ም. ደረሰ። በመካከላቸው 11 ዓመት አለ። «10 ዓመት ገደማ» ለማለት ይህ በቂ መስሎ ይታያል። ሁለት ክስተቶች የሚሰጡት ግን አንድ ርቀት ብቻ ነው፤ ከአንድ ርቀት ዑደት መኖሩን ማወቅ አይቻልም።

ዝርዝሩ ሲረዝም ነገሩ ይለወጣል። ረሀብ የሚከተለው ክረምቱ ከተበላሸ በኋላ ስለሆነ መቆጠር ያለበት የክረምቱ ዓመት ነው። ከ1957 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ክረምታቸው በመበላሸቱ በሰፊው የሚታወቁት ዓመታት 1957፣ 1964፣ 1976፣ 1979፣ 1994፣ 2001 እና 2007 ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በተራ ሲጻፍ 7፣ 12፣ 3፣ 15፣ 7 እና 6 ዓመት ይሆናል። አማካዩ 8 ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ከስድስቱ ርቀቶች ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ክልል ውስጥ የወደቀው ግን አንዱ ብቻ ነው። አማካይ መኖሩ ሥርዓት መኖሩን አያሳይም፤ ለየትኛውም የቁጥር ዝርዝር አማካይ ይገኝለታልና።

ታዲያ ሰው ሥርዓት የሌለበትን ነገር ሥርዓት ያለው አድርጎ የሚያየው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት አጋጣሚ ምን እንደሚመስል በልቡ የያዘው ሥዕል ትክክል ባለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው አጋጣሚ የሆነ ነገር በየቦታው ተመጣጥኖ የሚበተን ይመስለዋል። አንድ ሳንቲም 20 ጊዜ ሲወረወር ዘውድና ጎፈር እየተፈራረቁ እንዲወጡ ይጠብቃል። እውነቱ ሌላ ነው። በ20 ውርወራ ውስጥ አንዱ ወገን ቢያንስ 4 ጊዜ ተከታትሎ የመውጣት ዕድሉ ከ100 77 ነው። 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የመከታተል ዕድሉም ከ100 46 ያህል ነው። ሳንቲሙ ግን ያለፈውን ውርወራ አያስታውስም። በዝናብም እንዲሁ ነው፦ 20 ዓመት ውስጥ አራት ደካማ ክረምት ቢከታተል ይህ ብቻውን አየሩ ለመለወጡ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት «ገደማ» የሚለው ቃል ነው። 7 ዓመትም 12 ዓመትም «10 ዓመት ገደማ» ተብሎ ሲቆጠር፣ ያልገጠመው ደግሞ ሲረሳ፣ አባባሉ ሊወድቅ የሚችልበት መንገድ አይኖርም። የ1976ቱን ክረምት በሦስት ዓመት የተከተለው የ1979 ድርቅ ከአባባሉ ጋር ስለማይገጥም ሲነሳ ብዙም አይሰማም።

አጋጣሚን ከሥርዓት ለመለየት የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ፤ በወረቀትና በቅርጫት ሊሠራ ይችላል። ከ1957 እስከ 2007 ያሉት ዓመታት 51 ናቸው። 51 ቁራጭ ወረቀት ይዘጋጅና በ7ቱ ላይ «ድርቅ»፣ በቀሩት 44 ላይ «ደህና» ይጻፍ። ወረቀቱ በቅርጫት ተደባልቆ አንድ በአንድ ይውጣ፤ የወጣበት ቅደም ተከተልም ይመዝገብ። ከዚያ በድርቆቹ መካከል ያሉት ርቀቶች ይቆጠሩና ከ8 እስከ 12 ባለው ክልል የወደቁት ስንት እንደሆኑ ይታይ። ይህ ደጋግሞ ሲሠራ ከአምስት ርቀት አንዱ ያህል በዚያ ክልል ይወድቃል፤ ማለትም ከስድስቱ አንድ አካባቢ። በእውነተኛው ዝርዝርም የተገኘው አንድ ነው። የ10 ዓመት ዑደት ቢኖር ኖሮ እውነተኛው ዝርዝር ከቅርጫቱ ውጤት በጉልህ መለየት ነበረበት። አልተለየም። ስለዚህ «በየ10 ዓመቱ» የሚለው አባባል ፈተናውን አላለፈም።

ይህ ማለት ግን ድርቅ ያለ ምክንያት ይመጣል ማለት አይደለም። ሌላ ጥያቄ በዚያው መንገድ ሊፈተን ይችላል፦ ድርቁ ከኤል ኒኞ ጋር ይገጥማል ወይ? ኤል ኒኞ የሰላማዊ ውቅያኖስ ምድር ወገብ አካባቢ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። በአማካይ ከአራት ዓመት አንዴ ያህል ይከሰታል፤ ርቀቱ ግን የተስተካከለ አይደለም። ከላይ ከተዘረዘሩት ሰባት ዓመታት ስድስቱ የኤል ኒኞ ዓመታት ሲሆኑ፣ የ1976ቱ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ምንም ግንኙነት ባይኖራቸው ከሰባት ስድስት ወይም ከዚያ በላይ የመግጠም ዕድሉ ከ1000 አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ይህን ቅርጫቱ በቀላሉ አያወጣውም።

ሒሳቡ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መንስኤም መታወቅ አለበት። ውቅያኖሱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ የሚነሣበት ቦታ ይዛወራል፤ ለኢትዮጵያ ክረምት የሚረዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ይዳከማል። ስለዚህ ዝናቡ ይቀንሳል። ግንኙነቱ ከመንስኤው ጋር ስለሚሄድ የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የክረምቱን ትንበያ ሲያዘጋጁ የዚህን ውቅያኖስ ሙቀት ይመለከታሉ።

ሦስት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የድርቅ ዓመታቱ ዝርዝር ከኤል ኒኞ ዝርዝር ጋር ከመተያየቱ በፊት በዝናብ መለኪያ ብቻ መውጣት አለበት። ከላይ ያለው ዝርዝር የታወቁ ዓመታት ስለሆነ ዕድሉ ግምት ነው። ሁለተኛ፣ ስንት ጥያቄ እንደተሞከረ ይቆጠር። እያንዳንዳቸው በአጋጣሚ ከ100 አምስት ጊዜ ብቻ የሚገጥሙ 20 የተለያዩ ሥርዓቶች ቢፈለጉ፣ ቢያንስ አንዱ ያለ ምንም ምክንያት የመግጠም ዕድሉ ከ100 64 ይደርሳል። በዚህ መንገድ የተገኘ ሥርዓት በአዲስ ዓመታት መረጃ ካልተፈተነ አይታመንም። ሦስተኛ፣ እውነተኛ ግንኙነትም ቢሆን የማይቀር ፍርድ አይደለም። የ1976 ድርቅ ያለ ኤል ኒኞ መጥቷል፤ ኤል ኒኞ ኖሮም ድርቅ ሳይከተል የቀረበት ጊዜ አለ።

ቦታም ይለያያል። ወሎን ያደረቀ ክረምት ምሥራቅ ጎጃምን በዚያው ልክ ላያደርቅ ይችላል። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም ላሉት ለአማኑኤል፣ ለቢቸናና ለሞጣ የሚሆነው ዝርዝር ከአካባቢው የዝናብ መለኪያ መውጣት አለበት።

በዑደትና በአጋጣሚ መካከል ያለው ልዩነት በጎተራ ላይ ይታያል። የድርቅ ዕድል በየዓመቱ ከ10 አንድ ቢሆንና አንዱ ዓመት በሌላው ላይ ተጽዕኖ ባይኖረው፣ ድርቅ ካለፈ በኋላ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ሌላ ድርቅ የመምጣቱ ዕድል ከ100 27 ነው። «ድርቁ አልፏል፤ ለ10 ዓመት አይመለስም» ብሎ እህሉን አሟጦ የሚሸጥ ገበሬ በሌለ ዑደት ተማምኖ ይጋለጣል። ለመጥፎ ክረምት የሚቀመጠው እህል በየዓመቱ ይቀመጥ፤ ዝናቡ የዓመት ቆጠራ አያውቅም።