ከሌላ ሰው በተረከብነው ስላይድ ላይ ማስታወሻ ስለ መጻፍ

ተቋሙን የለቀቁ አንድ ባልደረባችን የተዉልንን ገለጻ ተረክቤ ለእያንዳንዱ ስላይድ የአቅራቢ ማስታወሻ ስጽፍ፣ ለብዙዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። አንዱ ግን ቀናት ወሰደብኝ።

ስላይዱ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ ከሥራቸው 1976፣ 1987 እና 1999፣ ከላያቸው 42.6፣ 53.5 እና 73.8 ሚሊዮን ተጽፏል። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው አልተገለጸም፤ ሦስቱን አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራዎች የሚያውቅ ሰው ግን ይለየዋል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ዓምዶቹን ብቻ አይቶ የሚያስተምር ሰው ዓመታዊው ዕድገት ከ2.2 ወደ 2.6 በመቶ ገደማ አሻቀበ ይላል። ሆኖም የ1976ቱ ቁጥር ኤርትራን ይጨምራል፤ የኋለኞቹ አይጨምሩም። ኤርትራ ስትቀነስ 39.9 ሚሊዮን ያህል ይቀራል፤ ዕድገቱም ከ2.8 ወደ 2.6 በመቶ ዝቅ ማለቱ ይታያል። ትርጓሜው ፈጽሞ ይገለበጣል።

ባልደረባችን ይህን በቃል ያስረዱ እንደነበር እገምታለሁ፤ ሆኖም በግምት ተነሥቼ በእርሳቸው አንደበት መናገር አይገባኝም። ስለዚህ ስላይዱ የሚለውን፣ ከቆጠራ ሪፖርቶች ያረጋገጥሁትን እና የራሴን ግምት በማስታወሻው ውስጥ ለየብቻ አሰፈርሁ። ዓምዱን ራሱን አልነካሁትም። አቅራቢው መጀመሪያ ተማሪዎቹ እንዳለ እንዲያነቡት፣ ከዚያም «በ1976 የተቆጠረው የትኛው ግዛት ነው?» ብሎ እንዲጠይቃቸው ጽፌያለሁ።