መልሶ በመተርጎም የማሽን ትርጉምን መመርመር

ለሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የገጠር ደብር የልማት ኮሚቴ ስለ ምንጭ አጠባበቅና ስለ ውሃ ንጽሕና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ ደረሰው። ከአባላቱ አንዱ ወጣት ጽሑፉን በስልኩ ባለው የትርጉም ማሽን ወደ አማርኛ መለሰው። ሥራው ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደ፤ አማርኛውም ለዐይን የሚከብድ አልነበረም። ሊባዛና ለየመንደሩ ሊታደል ሲል ግን የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት ቄስ «ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብለው ጠየቁ። እኔ በዚያ የተገኘሁት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነበር፤ የዛሬው ንግግሬም ያን ቀን የሠራነውንና የተማርነውን የሚያስረዳ ነው።

የተጠቀምንበት ዘዴ መልሶ መተርጎም ይባላል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመጣውን ጽሑፍ፣ የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ ያላየ ሌላ ሰው ዳግመኛ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ የተለያዩበት ስፍራ ትርጉሙ የተዛነፈበት ሊሆን ይችላል ተብሎ ይመረመራል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ብሪስሊን የተባሉ ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሠራሩ በሰፊው ጽፈዋል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም መጠይቆችን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲያስተረጉም ሲጠቀምበት ኖሯል።

ሥራውን የጀመርነው ዐረፍተ ነገሮቹን ቁጥር በመስጠት ነው። ቁጥር ከሌለ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚነጻጸር ይጠፋል፤ የተዘለለ ዐረፍተ ነገርም አይታወቅም። አማርኛውን ብቻ በሌላ ወረቀት ገልብጠን ለአንድ የእንግሊዝኛ መምህር ሰጠናቸው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አላሳየናቸውም፤ ቢያዩት ኖሮ አእምሯቸው ጉድለቱን ሳይታወቃቸው ይሞላው ነበር። «አሳምረው አይጻፉልን፤ አማርኛው የሚለውን ብቻ፣ ስሕተት ቢመስልዎም እንኳ እንዳለ ይመልሱልን» አልናቸው። ይህ ቃል ወሳኝ ነው። ጥሩ ተርጓሚ የተበላሸውን የማቅናት ልማድ አለው፤ ለዚህ ሥራ ግን የሚያስፈልገን የተበላሸው ተበላሽቶ እንዲታይ ነው።

መምህሩ መልሰው ያመጡትን ከመጀመሪያው ጋር ስናነጻጽር ቃል በቃል መመሳሰሉን አልፈለግንም። በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ አራት ነገሮችን ጠየቅን፦ ማን ያደርጋል? ምን ያደርጋል? መቼና ምን ያህል? የተከለከለ ነው ወይስ የታዘዘ? እነዚህ አራቱ ከተስማሙ የቃል ልዩነት አያሳስብም።

በዚህ መንገድ ወዲያው የተገኘው ስሕተት ስለ ክሎሪን የተጻፈው ነው። ክሎሪን በውሃ ውስጥ ያለውን ተዋሲያን ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መመሪያው ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ 30 ደቂቃ እስኪሞላ ድረስ ውሃው እንዳይጠጣ ያዝዛል። የማሽኑ አማርኛ ግን «ክሎሪን ከተጨመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ ውሃውን አትጠጡ» ይል ነበር። ክልከላው አለ፣ ቁጥሩም አለ፤ ነገር ግን «እስኪሞላ ድረስ» የሚለው «በኋላ» ሆኖ ትእዛዙን ገለበጠው። ይህን ወረቀት ያመነች እናት ውሃውን ገና ሳይጸዳ ታጠጣለች፤ ከጸዳ በኋላ ደግሞ ትደፋዋለች። አማርኛውን ብቻ ስናነብ ሁላችንም አልፈነው ነበር። የመምህሩ እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው አጠገብ ሲቀመጥ ግን «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለቱ የተለያየ መልስ ሰጡ፤ ስሕተቱም ተገለጠ።

እስከዚህ ድረስ ዘዴው ተስፋ የተጣለበትን ሠራ። አሁን ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት ወደምፈልገው ነገር እመጣለሁ። መልሶ መተርጎም ስሕተትን እንደሚገልጥ ሁሉ ስሕተትን ሊሸፍንም ይችላል።

የመመሪያው ርእሰ ጉዳይ ምንጭ ነው። በእንግሊዝኛ ምንጭ «ስፕሪንግ» ይባላል፤ ይኸው ቃል ግን ጸደይ የሚባለውን ወቅትም ይጠራበታል። ማሽኑ በአንደኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ወቅቱን መርጦ «ከብት እንዳይገባ በጸደይ ዙሪያ አጥር እጠሩ» ብሎ ጽፏል። እናንተ ካህናት ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ዘመን መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አጥር የሚታጠርለት ነገር አይደለም። ሆኖም «ጸደይ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ያው «ስፕሪንግ» ሆነ። ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጋር ሲተያይ አንዲት ቃል እንኳ አልተለየም። ትክክል የሚል ምልክት አደረግንበት።

በሌላ ዐረፍተ ነገር ላይ ደግሞ ማሽኑ «ምንጭ» የሚለውን ትክክለኛ ቃል ተጠቅሞ ነበር። «ምንጭ» በአማርኛ የውሃ መፍለቂያም የማንኛውም ነገር መነሻም ስለሆነ፣ መምህሩ በመነሻነቱ ተርጉመውት በሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ተመለሰ። እኛም ስሕተት ነው ብለን ከበብነው። እንግዲህ አስተውሉ፦ የተሳሳተው ቃል ንጹሕ መስሎ ተመለሰ፤ ትክክለኛው ቃል ተጠርጣሪ ሆኖ ተመለሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ቃል በመነሻው ቋንቋ ሁለት ትርጉም ካለው፣ በተሳሳተው በር ወጥቶም ቢሆን ሲመለስ ወደዚያው ቤት ይገባል።

የሰዓት ነገርም ከዚህ ጋር አንድ ነው። መመሪያው የውሃ ቦኖው ጠዋት ከ7 እስከ 9 እንዲከፈት ይላል፤ ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማሽኑ ቁጥሩን ሳይለውጥ «ከጠዋቱ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት» አለ፤ ተመልሶም ያለ ልዩነት መጣ። በእኛ አቆጣጠር ግን 7 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ትክክለኛው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት» ነበር፤ ያ ደግሞ የእኛን አቆጣጠር ለማያስተውል ማሽን ቢሰጥ እንደ ሌሊት ሰዓት ሆኖ ይመለስና ስሕተት ይመስላል። ቀንም እንዲሁ ነው፦ በእንግሊዝኛ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 የተባለው በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ሲሆን፣ «መስከረም 10 ቀን 2024» ተብሎ ቢተረጎም በመልሱ ትርጉም ላይ ምንም አይታይም።

ሦስተኛው ስውር ስሕተት እንግሊዝኛ የማይለየውን አማርኛ በመለየቱ የሚመጣ ነው። እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺን፣ እናንተንና እርስዎን በአንድ ቃል ይጠራል። ማሽኑ «እጅህን ታጠብ» ብሎ ነበር። ውሃ ቀድተው፣ አጣርተው፣ ልጆቻቸውን የሚያጠጡት በአብዛኛው እናቶች ሲሆኑ ወረቀቱ ለአንድ ወንድ ልጅ የተጻፈ መሰለ። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ይህ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቃል ሆነ። በመመለሻው ቋንቋ ውስጥ መለያ የሌለው ነገር በመመለስ አይመረመርም።

እነዚህን ስውር ስሕተቶች ያገኘናቸው እንግሊዝኛውን ትተን ወደ አማርኛው በመመለሳችን ነው። ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ አንዲት እናትና አንድ አዛውንት ጠራን። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ መመሪያውንም አላዩም። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አንብበንላቸው «ገባዎት ወይ?» ሳይሆን «ምን እንዲደረግ ነው ያዘዘው? በራስዎ ቃል ይንገሩን» ብለን ጠየቅን። «ገባዎት ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በይሉኝታ «አዎን» ይላል። አዛውንቱ የአጥሩን ዐረፍተ ነገር ሰምተው «ይኼማ በጸደይ ወራት አጥር ሥሩ ማለት ነው፤ ምኑን እንደምናጥር ግን አልነገራችሁንም» አሉ። እናቲቱም የቦኖውን ሰዓት ሰምተው «ጠዋት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ?» ብለው ጠየቁ። የእጅ መታጠቡን ሲሰሙ ደግሞ «ይህ ለልጄ ነው» አሉ። ሁለቱ ፈተናዎች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፦ መልሶ መተርጎም የተገለበጠውንና የተዘለለውን ይይዛል፤ በራስ ቃል መናገር ደግሞ ተመሳስሎ ያለፈውን ይይዛል።

በየደብራችሁ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ላይገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለመመለሱም ማሽን መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን የመጀመሪያውን የተረጎመው ማሽን አይሁን፤ አንዱን ቃል ከሌላው ጋር በስሕተት ያጣመረ ማሽን በመመለሱም ጊዜ ያንኑ ጥምረት ሊደግም ይችላልና። ማንኛውም የትርጉም ማሽን የሚያምር ዐረፍተ ነገር እንዲያወጣ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የተበላሸ አማርኛ ቢሰጠው የታሰበውን ገምቶ ያማረ እንግሊዝኛ ያወጣል። መምህሩን «አሳምረው አይጻፉ» እንዳልናቸው ማሽኑን አስጠንቅቆ ማመን አይቻልም። ስለዚህ በማሽን የተመለሰ ትርጉም ልዩነት ሲያሳይ ምርመራ ይገባዋል፤ ልዩነት ባያሳይ ግን ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱን እንግሊዝኛዎች የሚያነጻጽረው ግን ምንጊዜም ሰው ይሁን፤ የትምህርት ቤቱን መምህር ወይም የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ለአንድ ከሰዓት በኋላ መለመን ይበቃል።

ልዩነት ስታገኙም ወዲያው አማርኛውን አትለውጡ። መዛነፉ የደረሰው በመሄድ ነው ወይስ በመመለስ? ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ «ምንጭ» የሚለውን ለውጠን ቢሆን ኖሮ የቀናውን እናጣምም ነበር። አማርኛውን ከመጀመሪያው እንግሊዝኛ ጋር በቀጥታ አስተያዩ፤ አማርኛው ልክ ከሆነ ይቆይ፤ ካልሆነ አርሙና የታረመውን ዐረፍተ ነገር ብቻ እንደገና አስመልሱ።

በዚያ ደብር ሥራው አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። ማሽኑ በግማሽ ሰዓት የጨረሰውን እኛ እስከ ማታ ስንመረምር አንዳንዶች ተሰላችተው ነበር። በመጨረሻ ሰብሳቢው ቄስ የታረመውን ወረቀት አነበቡ፦ «ከብት እንዳይገባ በምንጩ ዙሪያ አጥር እጠሩ። ክሎሪን ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ውሃውን አትጠጡ።» አዛውንቱም ሰምተው «አሁን የት እንደማጥር ዐወቅሁ» አሉ። ወረቀቱም የተባዛው ከዚያ በኋላ ነው።