በማመልከቻ ላይ ችሎታን በሁኔታ፣ በተግባርና በውጤት ስለ ማሳየት

ለእርዳታ ሥራ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



በድርቅ በተጎዱ አካባቢዎች ለብዙ ዓመታት የሠራ አንድ ባልደረባ ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሥራ ማመልከቻ ሲያቀርብ፣ የሥራ ልምዱ ከሌሎች አመልካቾች የላቀ ሆኖ ሳለ ሳይመረጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ማመልከቻውን የሚመረምሩት ሰዎች የእደላ ጣቢያውን አለማየታቸው ነው። በእጃቸው ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ እንጂ የሰውየውን ድርሻ ካልተናገረ፣ መርማሪው ስለ አመልካቹ የሚፈርድበት ነገር አያገኝም።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤት አመልካቾች በትምህርትና በሥራ ዘመን ብቻ አይመዘኑም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሠራተኞቹ የሚፈለጉትን እሴቶችና ችሎታዎች ዘርዝሮ አውጥቷል። ከእነዚህም መካከል በኅብረት መሥራት፣ ማቀድና ማደራጀት፣ ተጠያቂነትና የሐሳብ ልውውጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አዲስ የእሴትና የባሕርይ መመሪያ ወጥቷል። በዚህ መመሪያ አካታችነት፣ ሐቀኝነት፣ ትሕትናና ሰብአዊነት እሴቶች ሲሆኑ፣ መተባበር፣ መተንተንና ማቀድ፣ ውጤት ማስገኘት፣ መማርና ራስን ማሳደግ፣ እንዲሁም ከሁኔታ ጋር መጣጣምና አዲስ ዘዴ መፍጠር የሚጠበቁ ባሕርያት ናቸው። ሌሎች ድርጅቶች የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ስለዚህ አመልካቹ በቅድሚያ ማንበብ ያለበት የሥራ ማስታወቂያውን ነው። በማስታወቂያው ላይ የተጠሩት ችሎታዎች በቃለ መጠይቅ የሚጠየቁትም ናቸውና።

እነዚህ ችሎታዎች የሚፈተኑበት ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ወደፊት ምን እንደሚያደርግ ከመጠየቅ ይልቅ ቀደም ሲል ያደረገውን መመርመር ይሻላል የሚል ነው። በመሆኑም መልሱ በሦስት ክፍል ይቀርባል፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ አመልካቹ ምን ተግባር ፈጸመ፣ ምን ውጤት ተገኘ። አንዳንድ ድርጅቶች ከሁኔታው ቀጥሎ የአመልካቹን ኃላፊነት እንደ አራተኛ ክፍል ለይተው ይጠይቃሉ፤ የነገሩ አካሄድ ግን አንድ ነው። ሁኔታው በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከመልሱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለተግባሩ ሊተው ይገባል። ብዙ ማመልከቻዎች የሚበላሹት ይህ ሚዛን ሲገለበጥ ነው፤ ስለ ድርቁ አንድ ገጽ ተጽፎ ስለ ሠራተኛው አንድ መስመር ብቻ ይቀራል።

የዚህ ችግር ሥር በመሥሪያ ቤት የጽሕፈት ልማድ ውስጥ ይገኛል። በአማርኛ የሥራ ሪፖርት ላይ «እህሉ ተጓጓዘ፣ ተረጂዎች ተመዘገቡ፣ እደላው በተሳካ ሁኔታ ተከናወነ» ተብሎ ይጻፋል። አድራጊው አይጠራም። ይህ አጻጻፍ ለሪፖርት ተገቢ ነው፤ ሥራው የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ። ራስን ከፍ አድርጎ አለመናገርም በአገሩ ባህል ጨዋነት ነው። ይሁን እንጂ ያው ዐረፍተ ነገር ወደ ማመልከቻ ሲዛወር መርማሪው «ማን ነው ያከናወነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስም አያገኝም። «አከፋፈልን» የሚለውም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ከብዙዎቹ መካከል የአመልካቹ እጅ የትኛው እንደሆነ አይለይምና።

ነገሩን ለማስረዳት ሲባል የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንዲት የእደላ ተቆጣጣሪ የአራት ቀበሌ ተረጂዎችን በሚያገለግል ጣቢያ ትሠራለች። ተረጂዎቹ 4,000 ሰዎች፣ ማለትም ወደ 800 የሚጠጉ ቤተሰቦች ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ስለሚሰጥ፣ ለአንድ ዙር 600 ኩንታል ያስፈልጋል። እደላው አራት ቀን ይፈጃል። ማስታወቂያው «ማቀድና ማደራጀት» የሚል ችሎታ ጠይቋል። ተቆጣጣሪዋ በመጀመሪያው ረቂቅዋ የጻፈችው የሚከተለውን ነበር፤ «በድርቁ ወቅት ለ4,000 ተረጂዎች 600 ኩንታል እህል በወቅቱ እንዲዳረስ ተደርጓል። በዚህም ሥራ ከፍተኛ የማቀድና የማደራጀት ችሎታዬን አሳይቻለሁ።»

በዚህ ረቂቅ ላይ ያለው አኃዝ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚናገረው ስለ እህሉ ነው። ችሎታውም በስሙ ተጠራ እንጂ አልታየም። ተቆጣጣሪዋ ያደረገችውን ስትጠየቅ የተናገረችው ግን ሌላ ነበር። ከዚህ በኋላ የተጻፈው ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ይላል፤

«በምቆጣጠረው ጣቢያ የአራቱ ቀበሌ ሕዝብ በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ይጠራ ነበር። በቀን ማስተናገድ የምንችለው 200 ቤተሰብ ብቻ ስለነበረ፣ ብዙዎች እህል ሳይቀበሉ ሜዳ ላይ ያድሩ ነበር። በአንዱ ዙር የመጀመሪያ ሌሊት ሜዳ ላይ ያደሩትን ቆጥሬ 250 የቤተሰብ ተጠሪዎች አገኘሁ። ሰልፉ የሚቆምበትን ቦታ ለማወቅ አንድ ቀን ሙሉ ከመዝገብ ጠረጴዛው አጠገብ ሆኜ ተከታተልሁ። ስም ዝርዝሩ በምዝገባ ቅደም ተከተል የተጻፈ በመሆኑ አንድን ስም ለማግኘት ብዙ ገጽ ይገለጥ ነበር። ዝርዝሩን በየቀበሌው ለይቼ እንደገና አዘጋጀሁ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ቀን እንዲመደብ ለአራቱ ሊቃነ መናብርት ሐሳብ አቀረብሁ። አንደኛው ቀኑ ከገበያ ቀን ጋር ስለ ተጋጨ ተቃወመ፤ ከሌላ ቀበሌ ጋር አለዋወጥኋቸው። ስማቸው የጠፋ ሰዎች ሰልፉን እንዳያስቆሙ ለአቤቱታ የተለየ ጠረጴዛ አቆምሁ። ከሁለት ዙር በኋላ በቆጠርሁበት ቀን ሲመሽ ሳይቀበሉ የቀሩት 12 ብቻ ነበሩ። እደላው አሁንም አራት ቀን ይፈጃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ በዕለቱ ይመለሳል። በሦስተኛው ዙር መኪናዎቹ ስለ ዘገዩ የተቀጠረው ሕዝብ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቀን የማስታውቀው እህሉ መጋዘን ከገባ በኋላ ነው።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ማቀድ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም። ቢሆንም መርማሪው ችግሩ ሲጠና፣ ምክንያቱ ሲለይ፣ ሰዎች ሲማከሩና ተቃውሞ ሲስተናገድ ያያል። ግሦቹ «ቆጠርሁ፣ ተከታተልሁ፣ ለየሁ፣ አቀረብሁ፣ አለዋወጥሁ» የሚሉ በመሆናቸው የእርስዋ ድርሻ አይጠረጠርም። የኅብረቱ በሆነው ቦታ ደግሞ «የምንችለው» ብላለች፤ ይህም የሌላውን ሥራ ለራስ አለመውሰድዋን ያሳያል።

የውጤቱም አጻጻፍ ልብ ሊባል ይገባዋል። በሁኔታው ላይ የተነሣው ችግር የሕዝቡ ሜዳ ላይ ማደር ነበር፤ ውጤቱም የተመለሰው ወደዚያው ጉዳይ ነው። 250 የሚለው አኃዝ ባይኖር ኖሮ 12 የሚለው ምንም ትርጉም አይሰጥም ነበር። ብዙ አመልካቾች ችግሩን በአንድ ነገር ጀምረው ውጤቱን በሌላ ይዘጋሉ፤ ስለ ሰልፍ መርዘም ተናግረው «በመሆኑም የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ» ይላሉ። ደብዳቤው ሰልፉ ማጠሩን አያስረዳም። እንዲሁም «የሕዝቡ ኑሮ ተሻሻለ» የሚለው ከአንድ ተቆጣጣሪ ሥራ በላይ ስለሆነ አይታመንም። አኃዝ ያልተያዘ እንደሆነ ከልብ ወለድ ቁጥር ይልቅ በግልጽ የታየውን መጻፍ ይሻላል፤ ለምሳሌ «ዝርዝሩን ቀጥሎ ያለው ተቆጣጣሪም በዚያው አሠራር ይዞታል» ቢባል፣ ይህ ሊጣራ የሚችል ውጤት ነው።

የሦስተኛው ዙር እክል ለምን ተጻፈ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እክሉ ብቻውን ቢቀር ኖሮ ማመልከቻውን በጎዳው ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የተለወጠው አሠራር ስለ ተገለጸ ግን ከሁኔታ ጋር የመጣጣምና የመማር ማስረጃ ሆኗል። ቦታው ጠባብ ሲሆን ይህ ክፍል ከጽሑፉ ወጥቶ ለቃለ መጠይቁ ሊቀመጥ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ «ያልተሳካልህን ነገር ንገረን» የሚል ጥያቄ መምጣቱ የተለመደ ነውና።

ቃለ መጠይቁ ሌላም ፈተና አለው። ጠያቂዎቹ በተነገረው ምሳሌ ላይ ተጨማሪ ጥያቄ ያነሣሉ። «ሊቀ መንበሩ እምቢ ባይል ኖሮስ? ሌላ ምን አማራጭ ታይቶ ነበር? አቤቱታ ያቀረቡት በምን ተስተናገዱ?» ይላሉ። ሥራውን በእርግጥ የሠራ ሰው ዝርዝሩን ከማስታወስ አይቸገርም። የባልደረባውን ሥራ የራሱ አድርጎ ያቀረበ ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከ«እኔ» ወደ «እኛ»፣ ከዚያም ወደ «ተደረገ» ይሸሻል። ልምድ ያለው ጠያቂ ይህን ሽሽት ወዲያውኑ ይለየዋል።

የዘዴው ወሰንም መታወቅ አለበት። ማስታወቂያው የጠየቀው የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ዘመን ወይም ቋንቋ የሌለው አመልካች ምሳሌው ምንም ያህል ቢያምር አያልፍም፤ እነዚህ አስቀድመው ይጣራሉና። ከዚህም ሌላ አንዱን ምሳሌ ለሁሉም ችሎታ መደጋገም መርማሪውን ያሰለቻል፤ ለእያንዳንዱ ችሎታ የተለየ ድርጊት መፈለግ ይገባል። የተረጂዎችን ስምና የግል ችግር በማመልከቻ ላይ ማውጣት ደግሞ የሥራን ምሥጢር መጣስ ስለሆነ፣ ሐቀኝነትን አሳያለሁ ያለውን ሰው መልሶ ያስጠይቀዋል።

ማመልከቻው ከመላኩ በፊት አመልካቹ በራሱ ሊያደርገው የሚችል አንድ ምርመራ አለ። በእያንዳንዱ ምሳሌ ውስጥ ያሉትን ግሦች በእርሳስ ያስምርባቸው። አድራጊያቸው የማይታወቅ ግሦች ከበዙ ጽሑፉ ገና ሪፖርት ነው። ከዚያም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን ያንብብ፤ ስለ አንድ ጉዳይ የማይናገሩ ከሆነ ውጤቱ ከሁኔታው ተለያይቷል ማለት ነው። በመጨረሻም ጽሑፉን ጣቢያውን ላላየ ሰው አስነብቦ «ይህ ሰው ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚሰጠው መልስ አመልካቹ በእጁ የሠራው ሥራ ከሆነ ወረቀቱ ለመላክ ዝግጁ ነው።