ገንዘብ በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል? ስለ 72 ደንብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሒሳብ ክበብ አባሎች የተሰጠ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክበብ አባሎች ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም 72 ነው። በወለድ የተቀመጠ ገንዘብ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለማወቅ የፈለገ ሰው 72ን ለወለዱ መቶኛ ያካፍላል፤ ድርሻውም የዓመቱን ቁጥር ይሰጠዋል ይባላል። ወለዱ በዓመት 6 በመቶ ቢሆን 12 ዓመት፣ 8 በመቶ ቢሆን 9 ዓመት ማለት ነው። ይህ ደንብ ከየት መጣ? ምን ያህልስ ይታመናል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመልሳለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአቃቂ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ የሚሠራ አንድ አባት አለ እንበል። ልጁን አንደኛ ክፍል ባስገባበት ቀን 10,000 ብር በቁጠባ ሒሳብ አስቀመጠ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ስለ ነበር እኛም ለስሌታችን 7 በመቶን ወስደናል። ወለዱ በየዓመቱ መጨረሻ ከዋናው ገንዘብ ጋር ይደመራል፤ አባትየውም አንድ ሳንቲም አያወጣም።

በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ገንዘቡ 10,700 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ወለዱ የሚታሰበው በ10,000 ብር ላይ ሳይሆን በ10,700 ብር ላይ ስለ ሆነ ገንዘቡ 11,449 ብር ይደርሳል። በዚህ ዓይነት እየቀጠልን ብንሄድ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 14,025 ብር፣ በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ 19,671 ብር እናገኛለን። እንግዲህ ልጁ አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ ገንዘቡ እጥፍ ለመሆን የቀረው 329 ብር ያህል ብቻ ነው። የአሥራ አንደኛው ዓመት ወለድ 1,377 ብር ስለሚሆን ይህ ጉድለት የሚሞላው በሦስት ወር ገደማ ነው።

አሁን ደንቡን እንፈትነው። 72 ለ7 ሲካፈል 10.29 ይሆናል፤ ይህም 10 ዓመት ከ3 ወር ተኩል ያህል ነው። ትክክለኛው መልስ 10.24 ዓመት ነው። የሁለቱ ልዩነት 15 ቀን ያህል ብቻ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ማባዛትን በአንድ ማካፈል ለተካ ደንብ ይህ ስሕተት እጅግ ትንሽ ነው።

ይህ ደንብ አዲስ አይደለም። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ኢጣልያዊ መነኵሴና የሒሳብ ሊቅ በ1494 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በቬኒስ ከተማ ባሳተመው ታላቅ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ጠቅሶታል። ነገር ግን ቁጥሩ ለምን 72 እንደ ሆነ ምክንያቱን አልገለጠም። ምክንያቱን በቀላሉ የሚያሳየው መሣሪያ ሎጋሪዝም ነው፤ የስኮትላንዱ ጆን ኔፒር ሎጋሪዝምን ያሳተመው ደግሞ በ1614፣ ማለትም ከ120 ዓመት በኋላ ነው።

የሎጋሪዝምን ትምህርት የጀመራችሁ ጓደኞቻችን ምክንያቱን ራሳችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ። ጥያቄው «1.07 በራሱ ስንት ጊዜ ቢባዛ 2 ይሆናል?» የሚል ነው። በሠንጠረዡ የ2 ሎጋሪዝም 0.3010፣ የ1.07 ደግሞ 0.0294 ነው። የፊተኛው ለኋለኛው ሲካፈል 10.24 ይሆናል። ከላይ በብዙ ማባዛት የደረስንበትን መልስ በአንድ ጊዜ አገኘነው ማለት ነው።

ለ72 መነሻው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ወለዱ የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ በየቅጽበቱ ከዋናው ጋር ይዋሐዳል ብለን እናስብ። ያን ጊዜ ወለዱ 2 በመቶም ይሁን 20 በመቶ፣ የወለዱ መቶኛ በዓመቶቹ ቁጥር ሲባዛ ሁልጊዜ 69.3 ይሆናል። ይህም ቁጥር የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 0.693 በ100 ተባዝቶ የተገኘ ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ወለዱ ዓመት እስኪሞላ ይጠብቃል። በሚጠብቅበት ጊዜ ሁሉ ራሱ ወለድ ስለማይወልድ ገንዘቡ ይዘገያል፤ ስለዚህም ቁጥሩ ከ69.3 ከፍ ይላል። ምን ያህል? ለእያንዳንዱ 3 በመቶ ወለድ አንድ ያህል ይጨምራል። በ3 በመቶ ወለድ 70.3፣ በ6 በመቶ 71.3፣ በ8 በመቶ 72 ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ 72 ፍጹም ትክክል የሚሆነው ወለዱ ወደ 8 በመቶ ሲጠጋ ብቻ ነው። ታዲያ ሰዎች ስለምን ለሌላውም ሁሉ ይጠቀሙበታል? መልሱ ቀላል ነው። 72 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ወረቀትና እርሳስ ሳይዙ በልብ ለማሰብ ከ69.3 ይልቅ እጅግ ይመቻል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ደንቡ የሚሳሳተው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ የስሕተቱም አቅጣጫ የታወቀ ነው። መቶኛው ከ8 ሲያንስ ደንቡ ጊዜውን ያስረዝመዋል፤ ከ8 ሲበልጥ ያሳጥረዋል።

ለዝቅተኛው ጫፍ የአገራችንን ሕዝብ ቁጥር እንውሰድ። በ1987 ዓ.ም. እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት ሁለት ቆጠራዎች መካከል የኢትዮጵያ ሕዝብ በየዓመቱ በአማካይ 2.6 በመቶ አድጓል። በዚህ ፍጥነት የሚያድግ ሕዝብ እጥፍ የሚሆነው በ27 ዓመት ነው። በ72 ብናሰላው ግን 27.7 ይሆናል፤ ስምንት ወር ያህል ይዘገያል። 70ን ለ2.6 ብናካፍል 26.9 ስለምናገኝ፣ እንዲህ ላለው ዝቅተኛ ዕድገት ከ72 ይልቅ 70 ይሻላል።

ለከፍተኛው ጫፍ ደግሞ የገበያ ዋጋን እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ነበር። በየዓመቱ ልክ 30 በመቶ የሚጨምር ዋጋ ቢኖር 72 ደንብ «በ2.4 ዓመት እጥፍ ይሆናል» ይለናል። 100 ብር የነበረው ዕቃ በአንድ ዓመት 130፣ በሁለት ዓመት 169፣ በሦስት ዓመት 219 ብር ከ70 ሳንቲም ይደርሳል፤ 200 ብር የሚሞላው በ2.64 ዓመት ነው። ደንቡ ሦስት ወር ያህል ቸኵሏል። ማረሚያው ከላይ ያየነው ነው፤ የ30 አንድ ሦስተኛ 10 ስለ ሆነ በ69.3 ላይ ብንደምረው 79.3 ይሆናል፤ 79.3 ለ30 ሲካፈል 2.64 ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ወላጆቻችን በተለይ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው ከዚህ የበለጠ ነገር አለ። ከ72 ስሕተት ይልቅ የሚጐዳው ለ72 የተሳሳተ መቶኛ መስጠት ነው።

ወደዚያ አባት እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ጥሏል። በዚህ መሠረት ከ7 በመቶው ወለድ ለአባትየው የሚደርሰው 6.65 በመቶ ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡ እጥፍ የሚሆነው በ10.24 ዓመት መሆኑ ቀርቶ በ10.77 ዓመት ይሆናል። የደንቡ ስሕተት 15 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ግብሩን መርሳት ግን ስድስት ወር ያሳስታል። ወለዱን በየዓመቱ እያወጣ ቢጠቀምበት ደግሞ በዓመት የሚያገኘው 700 ብር ብቻ ስለ ሆነ፣ ግብሩን ብንተወው እንኳ 10,000 ብር ወለድ ለማግኘት 14 ዓመት ከሦስት ወር በላይ ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ 72 አይሠራም፤ የሚካፈለው 100 ነው። ዕቁብ የገባ ሰውም እንዲሁ ከደንቡ ውጭ ነው፤ ዕቁብ ገንዘብን ያሰባስባል እንጂ ወለድ ስለማይወልድ ለ72 የሚሰጠው መቶኛ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ወርን ከዓመት ማደናገር ነው። አራጣ አበዳሪ «ከመቶ አሥር» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ዓመት ሳይሆን ስለ ወር ነው። 72 ለ10 ሲካፈል 7.2 ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ 7.2 ዓመት አይደለም፤ 7.2 ወር ነው። መቶኛው በወር ከሆነ መልሱም በወር ነውና። ያልተከፈለው ወለድ በየወሩ ከዕዳው ጋር የሚደመር ከሆነ፣ 10,000 ብር የተበደረ ሰው ከሰባት ወር ጥቂት ካለፈ በኋላ 20,000 ብር ዕዳ አለበት። በ12ኛው ወር መጨረሻ ዕዳው 31,384 ብር ይደርሳል። ይህ ሰው ከመፈረሙ በፊት «በወር ነው ወይስ በዓመት?» ብሎ ጠይቆ 72ን ቢያካፍል ኖሮ ለስሌቱ ግማሽ ደቂቃ በበቃው ነበር።

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን፤ ነገሩን በአጭር ቃል ስንሰበስበው፣ መቶኛው ከ5 እስከ 12 ባለው መካከል ሲሆን 72 ከትክክለኛው መልስ የሚርቀው ከመቶ ሁለት እጅ በማይበልጥ ነው። መቶኛው ከ3 በታች ሲሆን 70ን መያዝ ነው፤ ከ12 በላይ ሲሆን የመቶኛውን ሢሶ በ69.3 ላይ ደምሮ ማካፈል ነው። ነገር ግን ከማካፈል በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መቶኛው የወር ነው ወይስ የዓመት? ወለዱ ከዋናው ጋር ይደመራል ወይስ ይወጣል? ከግብር በኋላ በእጅ የሚገባውስ ስንት ነው?

ከዚህ ንግግር በኋላ በስድስተኛው ክፍል ሰሌዳ ላይ ከ1 በመቶ እስከ 36 በመቶ ያለውን ሠንጠረዥ ጽፈን ትተናል። የራሱን ሒሳብ ሊያስተያይ የሚወድ ሁሉ ገብቶ ይመልከት።