ሱፍ ነው ወይስ ሌላ? ክሩን እንመርምር
(በሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ልብስ እንነጋገራለን። ይኸውም ገበያ ላይ «ሱፍ ነው፣ ሐር ነው» ተብሎ የሚሸጠው ልብስ በእርግጥ ሱፍ ወይም ሐር መሆኑን እንዴት እንደምናውቅ ነው።

ጌጫ ደጋ ነው። ዝናብ ይበዛል። ከቴፒ ሙቀት ተነሥቶ ወደዚህ የሚወጣ ሰው ሹራብ ይፈልጋል። ሹራቡ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ነው። አንገቱ ላይ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ልብሱ ከምን እንደተሠራ ትናገራለች። ነገር ግን የተጻፈችው በውጭ አገር ፊደል ነው። አንዳንዴም ተቆርጣ ወድቃለች። እንግዲህ የሚቀረን የሻጩ ቃል ነው። በገበያ ቋንቋ ደግሞ ኮትና ሱሪ ሁሉ «ሱፍ» ይባላል። የሚያብለጨልጭ ሻርፕ ሁሉ «ሐር» ይባላል። ሻጩ ባይዋሽ እንኳ ስሙ አያስተማምንም።

አራቱን ክሮች በሁለት ቤት እንክፈላቸው። ሱፍ የበግ ጸጉር ነው። የመንዝ ሰዎች ባናና ዝተት የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ሐር ደግሞ ትል የምታወጣው ክር ነው። የጉሎ ቅጠል የምትበላ የሐር ትል በአገራችንም ትረባለች። እነዚህ ሁለቱ ከእንስሳ የተገኙ ስለሆኑ በጠባያቸው ከራሳችን ጸጉር ጋር ዘመድ ናቸው። አክሪሊክና ፖሊስተር ግን ፋብሪካ ውስጥ ከነዳጅ ዘይት የሚሠሩ ናቸው። ጠባያቸው የፌስታልና የጀሪካን ጠባይ ነው። ይህን ከያዝን የሚቀጥለው ሁሉ ይቀላል።

መጀመሪያ በእጅ እንያዘው። ሱፉን ጨብጣችሁ ጨምቁትና ልቀቁት። እንደ ላስቲክ ተነሥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንገት ላይ ሲያደርጉት ጥቂት ይኮሰኩሳል፤ ሲረጥብም የበግ ሽታ ይሸታል። አክሪሊክ ሱፍን እንዲመስል የተሠራ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእሱ ነው። እንዲያውም ከሱፍ ይልቅ ይለሰልሳል፤ ቀለሙም ይደምቃል። ሲለበስ ሲታጠብ ግን ብብቱና ክርኑ ላይ ትንንሽ ድብልብል ክር ያወጣል። ሱፍም ያወጣል፤ የአክሪሊኩ ግን ቶሎ አይረግፍም።

ሐርና ፖሊስተርን ለመለየት ሻርፑን አንድ ጫፉን ይዛችሁ አንጠልጥሉት። ሐር ከብዶ፣ ታጥፎ፣ እንደ ውኃ ይወርዳል። በመዳፍ ሲይዙት ቶሎ ይሞቃል። ጨምቀው ሲለቁት የመጨማደድ ምልክት ይቀርበታል። ፖሊስተር ያንሸራትታል፤ ጨምቃችሁ ስትለቁት ምንም እንዳልሆነ ተዘርግቶ ይመለሳል። ሆኖም ዛሬ እጅን የሚያታልል ፖሊስተር አለ። ስለዚህ ወደ እሳቱ እንሂድ።

አንዲት እናት ከገበያ ሦስት ነገር ለመግዛት አሰበች እንበል። አንዱ ቀይ ለስላሳ የልጅ ሹራብ ነው። ሁለተኛው ግራጫ ሸካራ ሹራብ ነው። ሦስተኛው «ሐር ነው» የተባለ ሻርፕ ነው። ነጋዴውን አስፈቅዳ ከእያንዳንዱ የውስጥ ስፌት ጠርዝ የጣት ርዝመት ያላት ክር ወሰደች። ስፌቱን የያዘውን ክር ሳይሆን የልብሱን ክር ነው የወሰደችው፤ የስፌቱ ክር ከሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና። ሦስቱንም ለየብቻ በወረቀት ጠቀለለች። እንዳይምታቱም በላያቸው «ቀይ»፣ «ግራጫ»፣ «ሻርፕ» ብላ ጻፈች።

ቤት ስትደርስ ከደጅ ወጣች፤ የሣር ክዳን ሥር እሳት አይሞከርም። ነጠላዋን አውልቃ አስቀመጠች፤ ልጆቹን አራቀች። አንድ ጣሳ ውኃ አጠገቧ አኖረች። አሸዋ ያለበት የብረት ሳህን ከፊቷ አደረገች። ሻማ ለኮሰች። ኩራዝ አይሆንም፤ የላምባው ሽታ የክሩን ሽታ ይሸፍነዋል። ክሩን የምትይዘው በእጅዋ ሳይሆን እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ ነው።

ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ከማበጠሪያዋ አንድ የራሷን ጸጉር አንሥታ አቃጠለች። ይህ ብልኅ ሥራ ነው። የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ምን እንደሚመስል አፍንጫዋ አስቀድሞ ያውቃል።

ከዚያ ግራጫውን ክር ከጎን በኩል ቀስ አድርጋ ወደ ነበልባሉ አስጠጋች። ክሩ ተጠቀለለ፤ ቀስ ብሎ ነደደ። ከእሳቱ ስታወጣው ራሱ ጠፋ። ጭሱን ተጠግታ አልሳበችም፤ በእጇ ጥቂት ወደ ራሷ አራገበች። ሽታው የጸጉሩ ሽታ ነው። ሲቀዘቅዝ የቀረውን ጥቁር ነገር በጣቷ ስታሸው ዱቄት ሆነ። ሱፍ ነው።

ቀዩን ክር ስታስጠጋው ገና እሳቱ ሳይነካው ልክ እንደ ፌስታል ተኮማተረ። ወዲያው ቦግ ብሎ ነደደ፤ ጥቁር ጭስ አወጣ። ከሻማው ብታርቀውም መንደዱን አልተወም፤ እየቀለጠም ጠብ አለ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። አሸዋው ላይ የወደቀው ጥቁር፣ ወጣ ገባ ያለ ጠጣር ነገር ሆነ፤ በጥፍር አይፈርስም። ይህ አክሪሊክ ነው። ልብ በሉ፤ ያ ጠብታ ትኩስ ሳለ ከነኩት ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እስከ መቶ ቆጥሮ መጠበቅ ይሻላል።

የሻርፑ ክርም ከእሳቱ ሸሽቶ ቀለጠ። የነደደው ግን ከቀዩ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው። ሽታው ጥቂት ጣፋጭነት አለው። የቀረው ክብ፣ ለስላሳ፣ እንደ ትንሽ ዶቃ የጠጠረ ነው። ፖሊስተር ነው። ሐር ቢሆን ኖሮ እንደ ግራጫው ክር ጸጉር ጸጉር ሸትቶ ዱቄት ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ የእሳቱን ድንበር ልናገር። እሳት ሱፍንና ሐርን እርስ በርሳቸው አይለያቸውም፤ እነሱን የሚለየው እጅ ነው። የተደባለቀ ክርም አለ። ጸጉር ሸትቶ የሚፈርስ አመድና የማይፈርስ ጠጣር አብረው ከቀሩ ሁለቱም በውስጡ አሉ ማለት ነው፤ ስንት እጁ ሱፍ እንደሆነ ግን እሳቱ አይነግረንም። በሽመና የተሠራ ጨርቅ ከሆነ ድሩንም ማጉንም ለየብቻ መሞከር ያስፈልጋል። ክሩ የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና ረጋ ያለ ግራጫ አመድ ከተወ ደግሞ ከአራቱ አንዱም አይደለም። ጥጥ ነው፤ ወይም ከእንጨት የሚሠራው ሰው ሠራሽ ሐር ነው።

ያቺ እናት በሚቀጥለው ገበያ ለልጇ የገዛችው ግራጫውን ነው። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብነቱ ብዙም አይሰማም፤ ለጌጫ ዝናብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አክሪሊክ ክፉ ልብስ አይደለም። ቶሎ ይደርቃል፤ ብል አይበላውም። ነገር ግን ምድጃ ዳር የሚጫወት ሕፃን ለብሶት ፍም ቢፈናጠርበት ቀልጦ ገላው ላይ ይጣበቃል። ሻርፑንም ገዛችው፤ የከፈለችው ግን የፖሊስተር ዋጋ ነው። ስትተኩሰውም የከሰሉን ካውያ ካበረደች በኋላ፣ በላዩ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አድርጋ ነው።