ዱቄትና ኪራይ፦ የአንድ ዳቦ ቤት ሂሳብ



መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በግቢዎቻችን በር አካባቢ የነበሩ ዳቦ ቤቶች ደንበኞቻቸውን በጥቂት ቀናት ውስጥ አጡ። ዳቦ ካልተጋገረ ዱቄት አይገዛም፤ ስለዚህ የዱቄቱ ወጪ ከገበያው ጋር አብሮ ወረደ። ኪራዩ ግን ባለበት ቆመ። የዛሬው ንግግሬ የዚህን ልዩነት ምክንያትና፣ ልዩነቱን ያልተረዳ ነጋዴ የሚወድቅበትን አንድ ስሕተት ይመለከታል።

ለስሌት እንዲመች ራሴ ያስቀመጥኳቸውን ቁጥሮች ልጠቀም። በግቢ በር አጠገብ አንዲት ሴት ዳቦ ቤት ተከራይታለች እንበል። በወር ለኪራይ 30,000 ብር፣ ለሁለት ቋሚ ሠራተኞች 24,000 ብር፣ ለምድጃው ጥገናና ለልዩ ልዩ 6,000 ብር ታወጣለች። ድምሩ 60,000 ብር ነው። ይህ አንድ ዳቦ ብትጋግርም ሺህ ብትጋግርም የማይለወጥ ነውና ቋሚ ወጪ እንለዋለን።

አንድ ኩንታል የፉርኖ ዱቄት ከ60 ሊትር ገደማ ውኃ ጋር ሲቦካ ወደ 160 ኪሎ ሊጥ ይሆናል። በምድጃው ውስጥ ከሚተነው ውኃ በኋላ 140 ኪሎ ያህል ዳቦ ይገኛል፤ መቶ መቶ ግራም ቢሆን 1,400 ዳቦ ማለት ነው። ኩንታሉ 8,400 ብር ከሆነ የእያንዳንዱ ዳቦ ዱቄት 6 ብር ይደርሳል። እርሾ፣ ጨው፣ ዘይትና ማገዶ 1 ብር ቢጨምሩ ተለዋዋጭ ወጪው 7 ብር ነው። ዳቦው 10 ብር ይሸጣል። የሚተርፈው 3 ብር ገና ትርፍ አይደለም፤ ቋሚውን ወጪ ለመሸፈን የሚዋጣ ነውና አስተዋጽኦ እንበለው። 60,000ን ለ3 ብናካፍል 20,000 እናገኛለን። ሴትዮዋ በወር ከ20,000 ዳቦ በታች ከሸጠች ትከስራለች፣ ከዚያ በላይ ከሸጠች ታተርፋለች። ተማሪ ባለበት ወር በቀን 1,000፣ በወር 30,000 ስለምትሸጥ 30,000 ብር ይተርፋታል።

አሁን ተማሪዎቹ ሄዱ፤ ሽያጩ በቀን ወደ 400፣ በወር ወደ 12,000 ወረደ። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ቋሚ ወጪዋን ለዳቦዎቹ ታካፍላለች፤ 60,000 ሲካፈል ለ12,000፣ 5 ብር። በ7 ብሩ ላይ ሲደመር አንድ ዳቦ 12 ብር የፈጀ ይመስላል። «በ10 ብር እየሸጥኩ በእያንዳንዱ ዳቦ 2 ብር እከስራለሁ» ብላ ዋጋውን ወደ 12 ታሳድጋለች። ማዶ ያለው ዳቦ ቤት አሁንም በ10 ብር ይሸጣልና ደንበኛው በግማሽ ይቀንሳል። በወር 6,000 ዳቦ ስትሸጥ በዚያው ስሌት የአንዱ ወጪ 17 ብር ይሆናል። እንደገና ዋጋ ብትጨምር መጨረሻው ይታወቃል። በ10 ብር ብትቆይ ኪሳራዋ 24,000 ብር ነበር፤ በ12 ብር ግን 30,000 ሆነ።

ስሕተቱ የማካፈል ስሌቱ ውስጥ አይደለም፤ የተገኘውን 5 ብር ዳቦው እንዳስከተለው ወጪ መቁጠሩ ነው። ዱቄቱን ዳቦው ይበላዋል፤ ኪራዩን ግን የሚበላው ወሩ ነው። ያ ዳቦ ባይጋገር 6ቱ የዱቄት ብር በኪሷ ይቀራል፣ 5ቱ ብር ግን የትም አይቀርም። ዳቦ ቤቱን ለወሩ ብትዘጋውስ? ሠራተኞቿን ካላሰናበተች ኪሳራዋ ሙሉው 60,000 ነው። ስለዚህ እየከሰረችም ቢሆን መሥራቷ ከመዝጋት ይሻላታል፤ የምትሸጥበት ዋጋ ከ7 ብር እስካለፈ ድረስ።

በዚሁ ወር በጣና ዳር ያለ አንድ ምግብ ቤት «በቀን 300 ዳቦ በ8 ብር ከ50 ሳንቲም አቅርቢልኝ» ቢላት፣ በ12 ብሩ ስሌት እምቢ ትላለች። በትክክለኛው ስሌት ግን እያንዳንዱ ዳቦ 1 ብር ከ50 ስለሚያዋጣ በወር 13,500 ብር ይገኛል፤ ኪሳራዋም ወደ 10,500 ይወርዳል። ገደቡን ግን ልብ በሉ። ምድጃዋ በቀን 1,000 ዳቦ ብቻ የሚጋግር ከሆነ፣ ተማሪዎቹ በተመለሱ ጊዜ ይኸው ትእዛዝ 3 ብር የሚያዋጣውን ዳቦ እያስወጣ 1 ብር ከ50 ያስገባል። በዝግታው ወር የጠቀመው ውል በደህናው ወር ይጎዳል።

ዱቄት በተራው የራሱ ጠባይ አለው። ኩንታሉ በአንድ ስድስተኛ ጨምሮ 9,800 ብር ቢገባ የአንዱ ዳቦ ዱቄት 7 ብር፣ አስተዋጽኦውም 2 ብር ይሆናል፤ መክሰሪያና ማትረፊያውን የሚለየው ቁጥር ከ20,000 ወደ 30,000 ይዘላል። ኪራዩ በዚያው በአንድ ስድስተኛ ቢጨምር ግን ቁጥሩ ወደ 21,667 ብቻ ነው ከፍ የሚለው። የዱቄት ጭማሪ በየዳቦው ይገባል፤ ስለዚህ በዋጋ ወይም፣ ሁላችንም እንደምናየው፣ በዳቦው ክብደት መቀነስ ይመለሳል። ኪራይ ግን በግራም አይቀነስም።

ወጪዎች ሁሉ በሁለት ጎራ ጥርት ብለው አይገቡም። ምድጃው ለ200 ዳቦም ለ1,000ም መጀመሪያ መጋል አለበትና የማገዶው ከፊል ቋሚ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምትሄድ ጀልባም ሁለት ሰው ብትጭን አሥር፣ የምታቃጥለው ነዳጅ እምብዛም አይለያይም፤ ነዳጁ የሚለዋወጠው በጉዞው ቁጥር እንጂ በተሳፋሪው አይደለም። ስለዚህ «ይህ ወጪ ተለዋዋጭ ነው?» ከማለታችን በፊት «ከምን ጋር?» ብለን እንጠይቅ።

ኪራይም ቢሆን ቋሚ የሚሆነው ውሉ እስኪያበቃ ነው። የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ከተከፈለ በኋላ በየዕለቱ ውሳኔ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ውሉ በሚታደስበት ቀን ግን ዋናው ጥያቄ እርሱ ነው። ሴትዮዋ ከዓመቱ አሥሩን ወር 30,000 ታተርፋለች፣ ተማሪ በሌለባቸው ሁለት የክረምት ወራት 24,000 ትከስራለች እንበል። የዓመቱ ትርፍ 252,000፣ በወር ሲታሰብ 21,000 ብር ነው። ለራሷ ድካም በወር 10,000 ብር ብትመድብ፣ ግብርን ሳንቆጥር፣ አከራዩ ሊጨምርባት የሚችለው እስከ 11,000 ብር ነው። ከ41,000 በላይ ከተጠየቀች ቁልፉን ማስረከብ ይበጃታል፤ ያን ቀን ኪራይም እንደ ዱቄት ሊቀር የሚችል ወጪ ነውና። ይህን ቁጥር ማወቅ ያለባት ግን ከፊርማው በፊት ነው።